ሲኤስቪ ምንድን ነው? ከስክሪንሾት ሲገለበጥስ ቁጥሩ ለምን ቦታ ይስታል?

አዘዞ እህል የሚነግደው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ የመጋዘኑን ሰንጠረዥ ስክሪንሾት አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ወደ ኤክሴል አስገባልኝ» አለኝ። ጽሑፉን ከምስሉ በሚያወጣ አፕ አነበብኩትና በየቁጥሩ መሃል ኮማ አስገባሁ። ይህ ወጣ፦

```
እህል,የገባ,የወጣ,ዋጋ
ጤፍ,40,12,13,500
ሽምብራ,6,9,800
ኑግ,15,11,200
```

ሲኤስቪ ማለት ሰንጠረዥን እንዲህ በተራ ጽሑፍ መጻፍ ነው። አንድ መስመር አንድ ረድፍ ነው፣ ዓምዶቹን የሚለየው ደግሞ ኮማ ብቻ ነው። የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» ኮማን አይተካም፤ ኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም ፊደል ነው የሚያየው።

የጤፉ መስመር ስህተት ወዲያው ይታያል። ርዕሱ አራት ዓምድ ነው፣ ጤፍ ግን አምስት ሆኗል፤ የ13,500 ኮማ ዋጋውን ለሁለት ከፍሎታል።

የሚያሳስበኝ ሽምብራ ነው። አራት ዓምድ አለው፣ ልክ ይመስላል። ስክሪንሾቱ ላይ ግን ሽምብራ «የገባ» ሥር ባዶ ነው፤ 6 ያለው «የወጣ» ሥር ነው። አፑ ባዶ ቦታ አያነብም፣ ስለዚህ 6 ወደ ግራ ተንሸራተተ። 9,800 ደግሞ ለሁለት ሲከፈል የጎደለውን ሳጥን ሞላው። ሁለት ስህተት ተደጋግፎ ቆጠራውን አስተካከለ። ኑግም እንደዚሁ ነው፤ እሱ የጎደለው «የወጣ» ላይ ነው። ስለዚህ ኮማ መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ምስሉን በረድፍ ሳይሆን በዓምድ፣ ከላይ ወደ ታች አነባለሁ። ወረቀት ጫፉን ከዓምዱ ጎን አስይዤ ቁጥሩ በየትኛው ርዕስ ሥር እንደቆመ አያለሁ። ባዶ ሳጥን ሲገጥመኝ ቦታውን ሁለት ተከታታይ ኮማ ይይዝለታል። ዜሮ አልጽፍበትም፤ «ምንም አልገባም» እና «አልተጻፈም» አንድ አይደሉም። በዋጋው ውስጥ ያለውን ኮማ አወጣዋለሁ። ማቆየት ከተፈለገ ቁጥሩ በሙሉ በጥቅስ ምልክት ይታጠራል፣ `"9,800"` ተብሎ።

```
እህል,የገባ,የወጣ,ዋጋ
ጤፍ,40,12,13500
ሽምብራ,,6,9800
ኑግ,15,,11200
```

ከዚያ ድምሩን አያለሁ። ስክሪንሾቱ ግርጌ ላይ የገባው 55፣ የወጣው 18 ኩንታል ይላል። የአሁኑ ሰንጠረዥ ይህንኑ ይሰጣል። የመጀመሪያው ግን 61 እና 32 ነበር የሚያመጣው። ድምር የማይዘው ስህተትም አለ፤ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ዓምድ ውስጥ ረድፍ ቢቀያየሩ ድምሩ አይለወጥም። ዋጋውም ድምር የለውም። እሱን መጠኑን በማየት ነው የማጣራው፦ ከሺዎች መሃል ብቻውን 800 የሚል ካለ ኮማ ቆርጦታል ማለት ነው።