ዘግይቶ የሚያደማው የአይጥ መርዝ ምንድን ነው?

እንበል፣ ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ የሚኖር 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሰኞ ማታ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ በላ። ማክሰኞ ይጫወታል። ረቡዕ ምግቡን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ባለቤቱም «ተርፏል» ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። አርብ ወይም ቅዳሜ ግን ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ድዱ ይነጣል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ደም በዓይን አይታይም፤ የሚፈሰው ደረቱ ወይም ሆዱ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ውሻ መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚደማ ማነከስ ብቻ ይታይበታል።

ይህን የሚያደርገው ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው የመርዝ ዓይነት ነው። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ከእነሱ አራቱ ያለ ቪታሚን ኬ አይሠሩም። ሰውነት የተጠቀመበትን ቪታሚን ኬ እያደሰ ደግሞ ይጠቀምበታል፤ መርዙ የሚያቆመው ይህን እድሳት ነው። ቀድመው የተሠሩት ፕሮቲኖች ግን ደም ውስጥ አሉ። እነሱ እስኪያልቁ ድረስ ውሻው ምንም አይመስልም። ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚቆየው ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው።

ቀድሞ የሚያልቀው ፋክተር 7 የሚባለው ነው። ፒቲ የተባለው የደም ምርመራ ደም ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ይለካል፣ የፋክተር 7ን መጉደልም ቶሎ ያሳያል። ቶሎ ቢባልም ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የተሠራ ፒቲ ደህና ቢሆን ምንም አያረጋግጥም። ትክክለኛው ጊዜ ከረቡዕ ማታ እስከ ሐሙስ ማታ ነው። በመካከሉ ቪታሚን ኬ ከተሰጠ ግን ውጤቱ ይሸፈናል። ወይ ሳይሰጡ መጠበቅና መመርመር፣ ወይ ሙሉውን ሕክምና መጀመር ነው።

ክሊኒኩ መሣሪያው ከሌለውና ናሙናው ወደ ሰው ላቦራቶሪ ከሄደ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሰው መደበኛ መጠን ለውሻ አይሆንም። የጤነኛ ውሻ ደም አብሮ ቢላክ ማነጻጸር ይቻላል።

መርዙን ሲበላ ካያችሁት፣ በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ገደማ ሐኪም ሊያስመልሰው ይችላል። ወተት መርዙን አያረክስም፣ ሰዓት ይበላል እንጂ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉም የአይጥ መርዝ ይህኛው አይደለም፤ ዚንክ ፎስፋይድ ለምሳሌ በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ቪታሚን ኬም አይረዳውም።

ፒቲው ከረዘመ ሐኪሙ ቪታሚን ኬ1 ያዛል፤ ኬ3 አይተካውም። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ነው። የእኛ ውሻ እንግዲህ በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ባለ 10 ሚሊግራም አምፑል ከሆነ ከ5 እስከ 10 ማለት ነው፤ ወጪው ቀላል አይደለም፣ መጀመሪያውኑ ማወቅ ይሻላል። በአፍ ሲሰጥ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፣ ያኔ በደንብ ይገባል። በደም ሥር መውጋት ግን ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ቪታሚኑ አዲስ ፕሮቲን እስኪያሠራ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። እየደማ ያለ ውሻ ያን ያህል አይቆይም፣ የሌላ ውሻ ደም ወይም ፕላዝማ ያስፈልገዋል።

ውሻው ግን ዳነ ከተባለ በኋላም ሊጠፋ ይችላል። በሳምንቱ ውሻው ይነቃል፣ ባለቤቱ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ከቀናት በኋላ መድማቱ ይመለሳል። መርዙ ከጉበት አልወጣምና! መርዙ ዋርፋሪን ከሆነ የ2 ሳምንት ገደማ ሕክምና ይበቃል። ብሮማዲዮሎን 3 ሳምንት ገደማ፣ ብሮዲፋኩም 4 ሳምንት ይፈልጋል። በሜጋፎን «የአይጥ፣ የትኋን፣ የበረሮ» እየተባለ መንገድ ላይ የሚሸጠው ስም ላይኖረው ይችላል። ደም የሚያቀጥን መሆኑ በፒቲ ከታወቀና የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ፣ 4 ሳምንቱን መያዝ ነው።

ሐሙስ የተጀመረ ሕክምና በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ማታ ያልቃል። የመጨረሻው ፒቲ በዚያው ዕለት ከተሠራ ደህና ይሆናል፣ ቪታሚኑ ገና እየሠራ ነውና። ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ጠብቁ፤ ለዚህ ውሻ ቅዳሜ ጠዋት ማለት ነው። እስከዚያ አታስሩጡት፣ ከሌላ ውሻ ጋርም አታጋፍጡት። ቅዳሜ ፒቲው ደህና ከሆነ ሕክምናው አበቃ። ከረዘመ በዚያው ቀን ቪታሚኑ ይቀጥላል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆሞ እንደገና በዚሁ መንገድ ይመረመራል።