በፓይለት የሚጀምር ኢንቨስትመንት፦ የውሳኔ ዛፍ እንዴት ይሰላል?

አንድ ድርጅት 200 ሚሊዮን ብር የሚፈልግ ሥራ አስቧል። ከዚያ በፊት ግን በ15 ሚሊዮን ብር በአንድ ከተማ ሊሞክረው ይፈልጋል። ፓይለት የሚባለው ይህ ሙከራ የወጣበትን ገንዘብ ያህል ይጠቅማል ወይ? «መሞከር መቼም አይከፋም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሙከራ ገንዘብም ዓመትም ይበላል። አንዳንዴ ደግሞ የተሳሳተ መልስ ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያሰላው ዘዴ የውሳኔ ዛፍ ይባላል።

ዘዴው በኢንቨስትመንት ሰዎች ዘንድ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጆን ማጊ የተባለ አሜሪካዊ አማካሪ በዚያ ዓመት በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ላይ ሁለት ጽሑፎች አወጣ። ሁለተኛው በቀጥታ ስለ ካፒታል ኢንቨስትመንት ነበር። ዋና ሐሳቡ አጭር ነው፤ የዛሬው ውሳኔ ሲመዘን፣ ነገ የምንወስነውም አብሮ መቆጠር አለበት። የተለመደው ስሌት ግን ሥራውን አንዴ ከጀመሩት እስከ መጨረሻው እንደሚቀጥል ነገር አድርጎ ያየዋል። ነገ ማቆም እንደሚቻል አያውቅም።

የዛፉ አሳሳል ቀላል ነው። እኛ የምንወስንበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ይሳላል። ውሳኔው ከእጃችን ወጥቶ ገበያው የሚፈርድበት ቦታ ላይ ክብ ይሳላል። ከእያንዳንዳቸው ቅርንጫፎች ይወጣሉ። በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የሚገኘው ትርፍ ወይም ኪሳራ ይጻፋል። የሚሳለው ከግራ ወደ ቀኝ፣ የሚሰላው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ክቡ ላይ ሲደረስ አማካዩ ይወሰዳል፤ አራት ማዕዘኑ ላይ ሲደረስ የተሻለው ቅርንጫፍ ይመረጣል፣ ሌላው ይቆረጣል።

አሁን ወደ ምሳሌ እንግባ። ድርጅቱም ቁጥሮቹም ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የማያወራ ሰው የለም። አንድ ድርጅት ለኤሌክትሪክ ባጃጆች የባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ ሊከፍት አሰበ እንበል። ሾፌሩ ያለቀውን ባትሪ ያስረክባል፣ የተሞላ ይወስዳል፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ፓይለቱ በሐዋሳ ለአንድ ዓመት ይሠራል፤ 15 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ከተሳካ ሥራው በ200 ሚሊዮን ብር ወደ አሥር ከተሞች ይሰፋል።

ገበያው ጠንካራ ከሆነ፣ ከአሥሩ ከተሞች የሚገኘው ገቢ በዛሬ ዋጋ ተመንዝሮ 330 ሚሊዮን ነው። ወጪው ሲቀነስ 130 ሚሊዮን ትርፍ ይቀራል። ገበያው ደካማ ከሆነ ገቢው 90 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ 110 ሚሊዮን ይከስራል። የድርጅቱ ሰዎች ገበያው ጠንካራ የመሆን ዕድሉ 40 በመቶ ነው ብለው ገምተዋል።

መጀመሪያ ያለ ፓይለት እንየው። ይህን ውሳኔ 100 ጊዜ የምንወስን ይመስል እናስብ። 40ው ላይ 130 እናተርፋለን፣ 60ው ላይ 110 እንከስራለን። አማካዩ የ14 ሚሊዮን ኪሳራ ነው። ሙከራ የሚባል ነገር ባይኖር ሐሳቡ እዚህ ላይ ይሞት ነበር።

ፓይለቱ ሲገባ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይመጣል። ስህተቱ የፓይለቱን ውጤት እንደ እውነት መውሰድ ነው። «ፓይለቱ 40 በመቶ ይሳካል፤ ከተሳካ 130 እናገኛለን» ይባላል። ፓይለት ግን ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ገበያው በእርግጥ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ፓይለቱ ጥሩ ውጤት የሚያሳየው ስንት ጊዜ ነው? ገበያው ደካማ ሆኖ ሳለስ ጥሩ መስሎ የሚታየው ስንት ጊዜ ነው? የመጀመሪያውን 80 በመቶ፣ ሁለተኛውን 20 በመቶ እንበል።

ከ100ው ውስጥ ገበያው ጠንካራ የሆነው 40 ላይ ነበር። ከነዚህ በ32ቱ ፓይለቱ ጥሩ ያሳያል። ገበያው ደካማ ከሆነባቸው 60ው ደግሞ 12ቱ ጥሩ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ጥሩ ውጤት የምናየው 44 ጊዜ ነው፤ ከ44ቱ በእውነት ጠንካራ ገበያ ያለበት 32ቱ ብቻ ነው። 73 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ከጥሩ ፓይለት በኋላ እንኳ ከአራት አንዱ ያህል ያታልላል ማለት ነው። ፓይለቱ መጥፎ ከሆነ ግን የጠንካራ ገበያ ዕድል ወደ 14 በመቶ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ማስፋፋት አያዋጣም፣ ቅርንጫፉ ይቆረጣል።

ሂሳቡ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ (32 × 130 − 12 × 110) ÷ 100 = 28.4 ሚሊዮን። ይህ ገንዘብ የሚመጣው ግን ፓይለቱ አልቆ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ገንዘብ በዓመት 20 በመቶ ዋጋ አለው ካልን፣ ለ1.2 ስናካፍለው 23.7 ሚሊዮን ይሆናል። የፓይለቱን 15 ሚሊዮን ስንቀንስ 8.7 ሚሊዮን ይተርፋል። አክሳሪ የነበረው ሐሳብ አሁን አዋጪ ሆነ። ለፓይለቱ መክፈል የሚገባን ከፍተኛው ዋጋም ታወቀ፤ 23.7 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ፓይለት ቢቀር ይሻላል። የፓይለቱን ውጤት እንደ እውነት የወሰደው ሰው ግን 28 ሚሊዮን አካባቢ ትርፍ ይጽፋል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ አጋንኖታል።

ትርፉ የመጣው ከየት ነው? ገበያው አልተሻሻለም፤ 40 በመቶው እንዳለ ነው። ትርፉ የመጣው ማቆም በመቻሉ ነው። ፓይለቱ መጥፎም ሆኖ ማስፋፋቱ የሚቀጥል ከሆነ፣ ያው የ14 ሚሊዮን ኪሳራ በአንድ ዓመት ዘግይቶ ይመጣል፤ የፓይለቱ ወጪ ይጨመርበታል። አማካዩ ወደ 27 ሚሊዮን ኪሳራ ይወርዳል። ይህን አጥብቄ የማነሳው በተግባር በጣም ስለሚያጋጥም ነው። ፓይለቱ አልቆ፣ ውጤቱ ደብዛዛ ሆኖ፣ «እስካሁን ይህን ያህል ደክመናል፣ አሁንማ አናቆምም» የሚባልበት ስብሰባ አለ። እንዲህ የሚል ድርጅት ዛፉ ላይ ከፓይለቱ በኋላ የሚመጣውን ሁለተኛውን አራት ማዕዘን መሳል አልነበረበትም፤ በእውነት ውሳኔ የለውም።

ስለዚህ የማቆሚያው መስመር ፓይለቱ ሳይጀመር መጻፍ አለበት። መስመሩን ዛፉ ራሱ ይሰጣል። የ130ው ትርፍና የ110ው ኪሳራ እኩል የሚሆኑት የጠንካራ ገበያ ዕድል 46 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አይሰፋም። ይህን ለጣቢያ ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ መመንዘር ይገባል። ለምሳሌ «በዘጠነኛው ወር ጣቢያው በሙሉ ዋጋ በቀን ከ120 ባትሪ በታች ከቀየረ አንሰፋም» ተብሎ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። «በሙሉ ዋጋ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። በግማሽ ዋጋ የተሸጠ ባትሪ የሚነግረን ሰው ርካሽ ነገር እንደሚወድ ብቻ ነው።

ይህ ወደ ሌላው ትልቅ ችግር ይወስደናል። ፓይለቱን የሚመሩት አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ምርጡን ሠራተኛ ይመድባሉ። ምርጡን ከተማም ይመርጣሉ። ሐዋሳ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ባትሪ ብዙ ይቆያል። ደሴ ላይ ያው ባጃጅ ዳገት ሲወጣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ሾፌሩ በቀን ደጋግሞ መቀየር ሊኖርበት ነው። ሐዋሳ ላይ የተገኘ ውጤት ስለ ደሴ የሚናገረው ትንሽ ነው። በቁጥር ካየነው፣ ደካማ ገበያ ጥሩ መስሎ የሚታይበት ዕድል ከ20 ወደ 50 በመቶ ይወጣል እንበል። የሚያታልሉት 12 ሳይሆኑ 30 ይሆናሉ። (32 × 130 − 30 × 110) ÷ 100 = 8.6፤ ለ1.2 ሲካፈል 7.2። ከ15 ሚሊዮኑ ወጪ ያነሰ ነው። ፓይለቱ 7.8 ሚሊዮን ይከስራል። ያማረ ሪፖርት ይወጣዋል፣ ነገር ግን ባይሠራ ይሻል ነበር። እኔ ብሆን ከሐዋሳ ይልቅ ደሴን እመርጣለሁ፣ ወይም ገንዘቡን ለሁለቱ ከፍዬ ትናንሽ ጣቢያ እከፍታለሁ።

በተቃራኒው የሚያሳስትም አለ። ጣቢያው አንድ ብቻ ሲሆን ሾፌሩ ባትሪ ለመቀየር ከመንገዱ መውጣት አለበት። አሥር ጣቢያ ቢኖር ደንበኛ የሚሆን ሰው በአንዱ ላይ ላይመጣ ይችላል። መብራት በተደጋጋሚ የጠፋበት ዓመትም ውጤቱን ያበላሻል። 80 በመቶ የሚለው ግምት ይህን ሁሉ አስቦ መቀመጥ አለበት። ባለሙያን «ጥሩ ገበያ በአንድ ዓመት ሙከራ መጥፎ መስሎ የሚታየው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ በደፈናው ፐርሰንት ከመጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ስለ 20 በመቶው የጊዜ ዋጋ አንድ ነገር ላንሳ። አንዳንዶች «ሥራው አደገኛ ነው» ብለው ወደ 35 ወይም 40 በመቶ ያወጡታል። አደጋው ግን ደካማ ገበያ በሚለው ቅርንጫፍ ላይ ተቆጥሯል። ሁለቴ መቁጠር ጥሩ ሐሳብን ያለጥፋቱ ይገድላል።

በመጨረሻም የ8.7 ሚሊዮን አማካይ ማንም እጅ ላይ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። ከ100ው 56 ጊዜ የፓይለቱ 15 ሚሊዮን ብቻ ይጠፋል። 32 ጊዜ 93 ሚሊዮን ይተርፋል። 12 ጊዜ ደግሞ ፓይለቱ አታሎን፣ በዛሬ ዋጋ 107 ሚሊዮን እንከስራለን። ብዙ ሥራ ላለው ትልቅ ድርጅት አማካዩ በቂ ነው። ካፒታሉ ሁሉ 100 ሚሊዮን ለሆነ ድርጅት ግን እነዚያ 12ቱ ማለት መዘጋት ናቸው። ለእሱ የሚያዋጣው ዛፉ ላይ አንድ ተጨማሪ አራት ማዕዘን መሳል ነው፦ ከሐዋሳ በቀጥታ ወደ አሥር ከተማ ከመሄድ ይልቅ መጀመሪያ ሦስት ከተማ፣ ከዚያ እንደገና ውሳኔ። ጊዜ ይጨምራል፣ አማካዩንም ሊቀንስ ይችላል። ያ 107 ሚሊዮን ግን ሦስት ከተማ ላይ እያለ ይታያል፤ የቀሪዎቹ ሰባት ከተሞች ጣቢያዎች ሳይተከሉ።