የ.srt ፋይል ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁጥሮቹ ከ1 ጀምሮ ተርታቸውን ከያዙ ፋይሉ ጸድቷል።»

በ.srt፣ ማለትም በፊልም የትርጉም ጽሑፍ ፋይል ውስጥ፣ ጽሑፉ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ከቁጥሩ በታች ያለው የሰዓት መስመር ነው። ቪኤልሲን የመሰሉ ማጫወቻዎች ቁጥሩ ቢዛነፍም ጽሑፉን ያሳያሉ፤ ጥብቅ የሆኑ ፕሮግራሞች ግን ፋይሉን ይመልሱታል። ስለዚህ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ተራው ግን መጨረሻ ነው። ሁለት ሰው ተካፍሎ የተረጎመውን ፋይል ገጥማችሁ ወዲያው ቁጥር ብትሰጡት፣ የተዘበራረቀው ቅደም ተከተል የተስተካከለ መስሎ ይደበቃል። መጀመሪያ ሰዓቱን አርሙ፣ ከዚያ በመነሻ ሰዓት ደርድሩ፣ ባዶ ብሎኮችን፣ ማለትም ቁጥርና ሰዓት ብቻ ኖሯቸው ጽሑፍ የሌላቸውን ክፍሎች፣ አጥፉ፣ ቁጥሩን በመጨረሻ ስጡ። Subtitle Edit በተባለው የትርጉም ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም መደርደሪያውም (Sort by) ቁጥር መስጫውም (Renumber) Tools ውስጥ ናቸው።

«የመጨረሻው ሰዓት ከመነሻው ከቀደመ ሁለቱን ማቀያየር ነው።»

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ፋይሉ ፍተሻውን ያልፍና ስህተቱ ተመልካቹ ጋ ይደርሳል። ይህን እዩ፦

```
57
00:04:12.300 --> 00:04:10,900
ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር እንሄዳለን ብለህ ለእናትህ ነግረሃት አልነበረም እንዴ?
```

ብታቀያይሩት ጽሑፉ ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት ይወጣል፣ በ1.4 ሰከንድ ውስጥም ይጠፋል። ይህን ያህል ቃል በዚያ ፍጥነት ማን ያነባል? ቀጣዩ ብሎክ በ00:04:16,000 ይጀምራል እንበል። እንግዲያው 10 ተብሎ የተጻፈው 15 ሳይሆን አይቀርም፤ የሚቆየውም 3.6 ሰከንድ ይሆናል፣ ለንባብ ይበቃል። ግምት ነውና ድምፁን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ከሚሊሰከንዱ በፊት ያለችው ነጥብም በ.srt ነጠላ ሰረዝ `,` መሆን አለባት፤ ነጥብ የሌላው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት፣ የ.vtt ነው።

```
57
00:04:12,300 --> 00:04:15,900
ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር እንሄዳለን ብለህ
ለእናትህ ነግረሃት አልነበረም እንዴ?
```

«መስመሩ ከ42 ፊደል እንዳይበልጥ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆርጥልኛል።»

ምኑን እንደሚቆጥር እወቁ። በUTF-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ከላይ የመጀመሪያው መስመር ክፍት ቦታውን ጨምሮ 25 ፊደል ነው፣ ባይት የሚቆጥር ስክሪፕት ግን 65 ይለዋል፤ ደህናውን መስመር ይሰባብረዋል። በሊኑክስ ተርሚናል `wc -c` ባይት፣ `wc -m` ፊደል ይቆጥራል። 42 ደግሞ ለላቲን ፊደል የተለመደ ልክ ነው፤ የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ወደ 32 ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሲቆረጥም የሐሳቡን መጋጠሚያ ጠብቁ፤ «ብለህ» ላይ መቁረጥ ያስኬዳል፣ «ወደ» ላይ ግን ቃሉን ከጎንደር ይነጥለዋል።

«በጽሑፉ መሀል ባዶ መስመር ቢኖር ምን ችግር አለው?»

ባዶ መስመር ብሎኩ አበቃ ማለት ነው። ከሱ በታች ያለው ጽሑፍ ቁጥርም ሰዓትም ስለሌለው በብዙ ማጫወቻዎች ሳይታይ ይቀራል።