የውቅያኖስ አሲዳማነት ምንድን ነው? ባሕሩ አሲድ አልሆነም፣ ዝርዝር እያለቀበት ነው

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የባሕር ውሃ ፒኤች 8.1 ነው። ከ7 በላይ ቤዝ ነው። ታዲያ የምን አሲድ ነው የምታወሩት?» ብሎ ጽፎ፣ ብዙ ሰው አጨብጭቦለት አየሁ። ከሥሩ ሌላው «ባሕሩ አሲድ ሆኖ ዛጎል እያቀለጠ ነው» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ «ዛጎል የሚሠራው ከካርቦኔት አይደል? ካርቦን ሲጨምርማ ዛጎሉም ይወፍራል» አለ። ሥራዬ የውሃ ኬሚስትሪ ነው። ሦስቱንም አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልሸኘው። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ድሬዳዋ ከ35 ዲግሪ ወደ 30 ስትወርድ «ቀዘቀዘ» እንላለን እንጂ በረዶ ሆነ አላልንም። «አሲዳማነት» የሚለውም አቅጣጫውን ነው የሚናገረው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት የውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ፒኤች 8.2 ገደማ ነበር፤ አሁን 8.1 ገደማ ነው። 0.1 ትንሽ የሚመስለው መለኪያው የሎጋሪዝም ስለሆነ ነው። ውሃን አሲዳማ ወደሚያደርገው ወደ ሃይድሮጅን አዮን ስትመልሰው ወደ 26 በመቶ ጭማሪ ነው።

የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም አባባሉ ብልህ ይመስላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥቂቱ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። እሱ አንድ ሃይድሮጅን ሲለቅ ባይካርቦኔት፣ ሁለተኛውን ሲለቅ ካርቦኔት ይሆናል። መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ሲያዩት፣ ከግራ ጋዝ ቢጨምሩ በቀኝ ካርቦኔት የሚበዛ ይመስላል። ባሕር ውስጥ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ረዳቱ ጠዋት ሲወጣ እጁ ላይ ዝርዝር አለው። ተሳፋሪ ሁሉ 200 ብር እየሰጠ ይገባል። ረዳቱ መልስ ይሰጣል፤ ሌላ ይገባል፣ ደግሞ መልስ ይሰጣል። ረፋድ ላይ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ከጠዋቱ በጣም በልጧል፤ አሥር ብር ግን ፈልጎ አያገኝም። ባሕሩም እንደዚሁ ነው። የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለ 200 ብሩ ተሳፋሪ ነው፣ ካርቦኔት ዝርዝሩ፣ የሚከማቸው ባይካርቦኔት ደግሞ ድፍኑ ብር። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

CO₂ + CO₃²⁻ + H₂O → 2HCO₃⁻

ካርቦኔቱ ያለው በግራ በኩል ነው፤ ይበላል እንጂ አይጨምርም። ጠቅላላው ካርቦን እያደገ ካርቦኔቱ ይቀንሳል። ዝርዝሩ ደግሞ መጀመሪያውኑም ብዙ አልነበረም። ባሕር ውስጥ ከሟሟው ካርቦን መቶ ብናደርገው 90 ያህሉ ባይካርቦኔት ነው። ወደ 9 የሚጠጋው ካርቦኔት፣ የጋዙ ድርሻ 1 ገደማ።

ምሳሌዋን ትንሽ ልለጥጣት። ነጻ ሃይድሮጅን አዮን መልሱን ያላገኘ፣ ቆሞ የሚጨቃጨቅ ተሳፋሪ ነው። ፒኤች መለኪያ የሚሰማው ይህን ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ከገባው ጋዝ የሚወጣው ሃይድሮጅን አብዛኛው ወዲያው ካርቦኔት ላይ ይያዛልና ጭቅጭቁ ጥቂት ነው። ስለዚህ የፒኤች ቁጥሩ ብዙም የተንቀሳቀሰ ሳይመስል ዝርዝሩ በጣም ሊቀንስ ይችላል። ምሳሌዋ እዚህ ላይ ትሰበራለች፤ ታክሲ ውስጥ ያለቀ ዝርዝር ራሱ ተመልሶ አይመጣም፣ ባሕር ውስጥ ግን ሁሉም እርምጃ ወደኋላም ይሄዳል።

ወደኋላ ሲሄድ ማየት የፈለገ ማንቆርቆሪያውን ይክፈት። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሻይ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። ውሃው ባይካርቦኔትና ካልሲየም ይዟል። ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፤ ሁለት ባይካርቦኔት ተመልሶ አንድ ካርቦኔት ይሆናል። ካርቦኔቱ ካልሲየም ይዞ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጋዝ ስታስወጣ ድንጋይ ይሠራል፤ ጋዝ ስታስገባ ድንጋይ መሥራት ይከብዳል። ዛጎልም የሚሠራው ከዚሁ ካልሲየምና ካርቦኔት ነው።

አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ መለኪያው ልናገር። በርካሽ የፒኤች መለኪያ ባሕር ዳርቻ ሄዶ «8.2 አገኘሁ፣ ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው አይጠፋም። መለኪያው የተስተካከለው በተለመደው፣ ጨው በሌለበት ማመሳከሪያ ፈሳሽ ከሆነ፣ የባሕር ኬሚስቶች ከሚጠቀሙበት ስኬል ጋር ያለው ልዩነት ብቻ ከ0.1 ያልፋል። ማለትም የሁለት መቶ ዓመቱን ለውጥ በሙሉ ይውጠዋል። የምናምነው ለዓመታት በአንድ ዘዴ የተለካውን ነው። ለምሳሌ ከሃዋይ በስተሰሜን ያለው አሎሃ የሚባለው ጣቢያ ከ1988 ጀምሮ ይለካል። እዚያ ቁልቁለቱ በዓመት 0.002 አይሞላም፤ ግን ሳያቋርጥ ይወርዳል።

ወደ ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ፣ ወደ «እያቀለጠ ነው»ው እንመለስ። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ኔታርትስ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ዊስኪ ክሪክ የተባለ ድርጅት እዚያ ኦይስተር ይፈለፍላል፤ ኦይስተር ድርብ ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ ነው። በ2007 እጮቹ በጅምላ ማለቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው ተባለ። ውሃው ታከመ፣ እጮቹ ግን ማለቃቸውን አላቆሙም። በኋላ የታየው ነገር ከነፋሱ ጋር የተያያዘ ነበር። ከሰሜን በኩል ሲነፍስ የላይኛው ውሃ ከዳርቻው ይርቃል፤ ከሥር ቀዝቃዛ፣ ጋዝ የበዛበት ውሃ ይወጣል። እጮቹ የሚያልቁት ያን ውሃ ሲያገኙ ነው።

የወሽመጡ ፒኤች በዚያ ጊዜ ከ7.6 እስከ 8.2 ባለው መካከል ነበር የሚዋዥቀው። አሲድ የሚባል ውሃ አልነበረም። ዛጎል ያቀለጠም የለም፤ ዛጎሉ ገና አልተሠራማ! የኦይስተር እጭ የመጀመሪያ ዛጎሉን የሚሠራው በሁለት ቀን ገደማ ነው፤ ጉልበቱም እንቁላሉ ውስጥ የተሰጠው ስንቅ ብቻ ነው። ካርቦኔት ሲያንስ ለዚያው ዛጎል ብዙ ጉልበት ይከፍላል። አንዳንዱ ዛጎሉን ይጨርሳል፤ ግን ስንቁ አልቆ መመገብ ሳይጀምር ይሞታል። የኔታርትስን ነገር ሁሉ በእኛ ጭስ ማሳበብም ልክ አይደለም። ያ የሥር ውሃ በተፈጥሮውም ጋዝ ይበዛበታል፤ እዚያ ታች የሚበሰብሰው ነገር ያመጣዋል። ከከባቢ አየር የመጣው የእኛ ድርሻ በዚያ ላይ ተጨምሮ ነው አጥሩን ያዘለለው። ውሃው አየር የነካው ደግሞ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ነው። ዛሬ አየር የሚነካው፣ የበለጠ ጋዝ የያዘው ውሃ ገና ተራውን ይጠብቃል።

መፈልፈያው መፍትሔ አገኘ። አንደኛው ሰዓት መምረጥ ነው። ቀን የባሕር ተክሉ በፀሐይ ጋዙን ሲመጥ ይውላል፤ ስለዚህ ውሃ የሚሳበው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ ገንዳው ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት መጨመር ነው፤ ለረዳቱ ዝርዝር ከባንክ አምጥቶ እንደመስጠት። ለገንዳ ይህ ይሠራል። ለውቅያኖሱ ዝርዝር የሚያመጣለት የድንጋይ መሸርሸርና በጥልቁ ወለል ላይ ያለው የዛጎል ደለል መሟሟት ነው። እሱ ባንክ የሚከፍለው በሺህ ዓመታት ነው፤ ተሳፋሪው ግን በየቀኑ 200 ብሩን ይዞ ይገባል።