አንተ ልበል ወይስ እርስዎ? መልስ ስንጽፍ የሚያሳስቱን አመለካከቶች እና እውነታው

«ለማላውቀው ሰው በስልክ መልእክት ስመልስ አንተ ልበል እርስዎ? አንዱን ስል ሌላው ይቀየመኛል።»

ይህን ያለችኝ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የምትሠራ ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ መልእክት ስትመልስ ነው የምትውለው፤ ማዳበሪያ ገባ ወይ፣ ዘር ገባ ወይ፣ ያስረከብነው እህል ገንዘቡ መቼ ይከፈላል። ጠያቂው አንዳንዴ የልጆች አባት ነው፣ አንዳንዴ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ አንዳንዴ ቄስ። እሷ የምታየው ቁጥርና ስም ብቻ ነው። ከእሷም ከሌሎችም በዚህ ጉዳይ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«እርስዎ ለሽማግሌ ነው፤ ለወጣት አንተ ይበቃል»

ዕድሜ ብቻውን አይወስንም። ሰውዬው የያዘው ቦታ አለ፣ እናንተ ከእሱ ጋር ያላችሁ ቅርበትም አለ። የጎጃም ገጠር ውስጥ ሰባ ዓመት ያለፈው ገበሬ ገና ሠላሳ ያልሞላቸው ቄስ መንገድ ላይ ቢያገኝ መስቀል ይሳለምና «ይፍቱኝ አባ» ይላል። «ፍታኝ» አይልም። ቄሱ በዕድሜ የልጅ ልጁ ቢሆኑም ክህነቱ ይበልጣል። የቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ዋሸራም በሉት ዲማ የኔታ ወጣት ሆኑም አረጁም ለተማሪው ያው «ምን ይላሉ የኔታ?» ነው።

በተቃራኒው ሰማንያ የደፈነች አያት ቤቷ ውስጥ «አንቺ» ልትሆን ትችላለች። ያሳደገችው ልጅ አንድ ቀን ተነስቶ እርስዎ ቢላት «ምን ሆንክ ዛሬ፣ ልትበደረኝ ነው?» ነው የምትለው። አባት ላይ ቤቱ ይለያያል፤ አንዱ ቤት ልጆች አባታቸውን አንተ ይላሉ፣ ጎረቤት ያለው ቤት ግን ፍጹም አይታሰብም።

የመልእክት ነገር ከዚህ ሁሉ የሚለየው ቅርበቱ ገና ስለሌለ ነው። የማታውቁት አዋቂ ሰው ከሆነ በእርስዎ ጀምሩ፣ አለቀ። ይህ ደግሞ ሌላ ችግር ያቃልላል። አንተና አንቺ ጾታ ይለያሉ፣ እርስዎ አይለይም። ፀሐይ ወይም ምሕረት ከሚባል ሰው መልእክት ሲመጣ ወንድ ይሁን ሴት ከስሙ አታውቁም፤ በእርስዎ ከመለሳችሁ ማወቅም አያስፈልጋችሁም።

«እሱ አንተ ካለኝ እኔም አንተ ልለው እችላለሁ»

ይህ በእኩዮች መካከል ይሠራል። አብሮ አደግ፣ የክፍል ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ አንተ ካላችሁ አንተ በሉት፣ እርስዎ ብትሉት ነው የሚገርመው። ከዚያ ውጭ ግን በአማርኛ አንቱታ ሁልጊዜ በሁለቱም ወገን እኩል አይሄድም። ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ዘሩ ገባ ወይ? ንገሪኝ እስኪ» ብሎ ሲጽፍ እየቀረበ ነው እንጂ እየናቀ አይደለም። መልሱ «ገብቷል አባባ፣ ነገ መምጣት ይችላሉ» ነው። እሱ ወደ ታች አንቺ ይላል፣ እሷ ወደ ላይ እርስዎ ትላለች፣ ማንም አልተጎዳም።

ደረጃውን ማውረድ የሚችለው ትልቁ ነው። «ተይ፣ አንተ በይኝ» ካለ ያኔ ውረዱ። እስከዚያ ግን የሰውየውን አጻጻፍ መኮረጅ አያዋጣም።

«ስሙ ላይ አቶ ወይም ወይዘሮ ካልኩ አከበርኩ»

በጣም የሚበዛው ስህተት ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በአማርኛ አክብሮቱ የሚቀመጠው በማዕረጉ ላይ ብቻ አይደለም። ግሡ ውስጥ አለ፣ የባለቤትነት ምልክቱ ውስጥ አለ፣ «ለ» እና «ብ» ከሚከተላቸው ትንሽ ጭራ ውስጥም አለ። አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይበላሻል። ልጅቷ ያሳየችኝን አንድ መልስ እነሆ፣ ስሙን ብቻ አውጥቼዋለሁ። ሰውየው ከየትኖራ ሆኖ የቁንጮ ጤፍ ዘር ገብቶ እንደሆነ ጠይቋል። እሷ እንዲህ መለሰች፦

«ሰላም አቶ እከሌ፣ ዘሩ ገብቷል። ነገ ከመጣህ ይዘው መሄድ ይችላሉ። መታወቂያህን እንዳይረሱ። እርስዎ ካልተመቸህ ልጅህን ላክ።»

አቶ ብላለች፣ እርስዎም ብላለች። ግን «ከመጣህ» አንተ ነው፣ «ይችላሉ» እርስዎ ነው፣ «መታወቂያህን» ተመልሶ አንተ፣ «እንዳይረሱ» እንደገና እርስዎ። መጨረሻው ላይማ «እርስዎ ካልተመቸህ» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ያጋጫቸዋል። ሰውየው ይህን ሲያነብ ከሁለት ሰዎች የተላከ ይመስለዋል፤ አለዚያም መጀመሪያ አክብራው ወዲያው የተጸጸተች። ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አንተ ብትለው ኖሮ ከዚህ ባልከፋ ነበር። ተስተካክሎ ሲጻፍ፦

«እንደምን ዋሉ። ዘሩ ገብቷል። ነገ ከመጡ ይዘው መሄድ ይችላሉ። መታወቂያዎን አይርሱ። ካልተመቸዎት ልጅዎን ይላኩ።»

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ «አቶ» የለም፣ «እርስዎ» የሚለው ቃል ራሱም አንድም ጊዜ አልገባም። አክብሮቱ ግን ሙሉ ነው። ዋሉ፣ ከመጡ፣ አይርሱ፣ ይላኩ፤ ሥራውን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው።

መላክ ከመጫናችሁ በፊት መፈተሻው ቀላል ነው። የቃላቱን መጨረሻ ብቻ እየለቀማችሁ እዩ። «ህ»፣ «ክ» ወይም «ሽ» ላይ የሚያልቅ ግስ ካለ (መጣህ፣ ወሰድክ፣ ደወልሽ) አንተ ወይም አንቺ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። «መታወቂያህ»፣ «ልንገርህ»፣ «ደረሰሽ» ዓይነቶቹንም እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሾልከው ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ተጠንቅቀን፣ መሃሉ ላይ ስለ ዘሩ ስናስብ፣ ጫፉ ላይ እጃችን ወደለመደው ይሄዳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የእርስዎ ግስ ከእነሱና ከእሳቸው ግስ ጋር አንድ ነው። «ነገ ይመጣሉ?» ብላችሁ ብትጽፉ እርስዎ ነዎት የሚመጡት፣ አባትዎ ናቸው ወይስ ልጆቹ? ፊት ለፊት ቢሆን ዓይን ይናገራል፣ በጽሑፍ ግን ሰውየው ይቸገራል። እንዲህ ሲሆን እርስዎ የሚለውን ቃል ራሱን ጻፉት፦ «እርስዎ ነገ ይመጣሉ?» ባለቤትነትና ተቀባይ ላይ ግን ይህ ችግር የለም። «ቤትዎ» እና «ቤታቸው»፣ «ልላክልዎ» እና «ልላክላቸው» ራሳቸው ይለያያሉ። ስለዚህ ግሡ ሲያሻማ ከአጠገቡ «ዎ» ያለበት ቃል ካለ ነገሩ ይጠራል።

«ከጠፋኝ እርስዎ ልበል፤ እርስዎ መቼም አያስቀይምም»

ለእንግዳ ሰው እውነት ነው፣ ለሚያውቃችሁ ሰው ግን አይደለም። የእናንተ እኩያ የሆነች ሴት «ምነው፣ አስረጀኸኝ እኮ!» ብላ ብትስቅ ዕድለኛ ናችሁ። የሚከፋው ከአንተ ወደ እርስዎ መመለስ ነው። ሁለት ዓመት አንተ ስትባባሉ የኖራችሁት ሰው ጋር አንድ ቀን «መልእክትዎ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ብትጽፉ «ምን አስቀየምኩት?» ብሎ ነው የሚያድረው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ እርስዎ መባባል የሚጀምሩት ለዚሁ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ከስድብ የባሰ ይቆረቁራል።

ስለዚህ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ከዚያ ሰው ጋር ቀድሞ የተጻጻፋችሁትን ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ያለፈው ጊዜ አንተ ብላችሁት ከሆነና እሱም ካልተቆጣ በዚያው ቀጥሉ።

«እናንተ ብዬ ሁለቱንም አመልጣለሁ»

ለመሥሪያ ቤት ወይም ለቡድን ስትጽፉ እናንተ ልክ ነው። «እንደምን ዋላችሁ፣ ዘር ገብቷል ወይ?» ብሎ ገበሬው ለመጋዘኑ መጻፉ ትክክል ነው፤ የሚያነቡት ብዙ ናቸው። መልሱ ግን ለአንድ ሰው ነው። «ነገ ኑ» ብትሉት ከማን ጋር እንደተጠራ ይጨነቃል፣ ምናልባትም ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ይመጣል። የብዙ ቁጥር «እናንተ» በምንጽፈው አማርኛ የአንድ ሰው አክብሮት አይሆንም።

ማምለጥ ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ፦ «መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል።» ይህ ማንንም አንተም እርስዎም አይልም። አንድ ጊዜ ያስኬዳል። ሦስት ዓረፍተ ነገር በዚህ ከቀጠላችሁ ግን ለሰው የተጻፈ መሆኑ ቀርቶ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይሆናል።

«አንተ ማለት ንቀት ነው»

ቢሆን ኖሮ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ» ባላልን። እግዚአብሔርን አንተ፣ እመቤታችንን አንቺ ነው የምንለው። ግዕዙም አንተና አንቲ ነው የሚለው። ንቀት የሚሆነው እርስዎ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ሲገባ ነው። የማያውቁትን ባለጉዳይ «አንተ፣ ምን ፈለግህ?» ያለ ጸሐፊ ንቋል፤ ጓደኛውን አንተ ያለ አልናቀም።

«አንቱና እርስዎ አንድ ናቸው፣ የፈለግኩትን ልጻፍ»

ግሣቸው አንድ ነው፤ አንቱም ይመጣሉ፣ እርስዎም ይመጣሉ። ቦታቸው ግን ይለያያል። ጎጃም ገጠር ውስጥ አንቱ ሕያው ነው፤ «አንቱ፣ እስኪ ወዲህ ይበሉ» ብሎ ሰው መጥራት ይቻላል፣ «እርስዎ፣ እስኪ ወዲህ ይበሉ» ግን ይጎረብጣል። የአፍ ቃል ነው ለማለት ያህል። ሰውየው ራሱ በጽሑፉ ካልተጠቀመበት እናንተ አትጀምሩት፤ ከተሜው እንደ ቀልድ ሊያየው ይችላል። ለማያውቁት ሰው በጽሑፍ እርስዎ ይሻላል። «እርሶ» እና «ኖት» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ አነጋገሩን ተከትለው ነው፣ የሚቀየም ሰው አላየሁም። ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ከሆነ ግን «እርስዎ» እና «ነዎት» ብላችሁ ጻፉ።