ፕሪሚስ ምንድን ነው? የአንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳብ የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን ታሪክ የሚሆነው እንዴት ነው?

«ከሱፍ ክር የተሠራች ወፍ መብረር ትፈልጋለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዓይን የሚስብ ሐሳብ ነው፤ ታሪክ ግን ገና አልሆነም። ወፏ ምን እንደምትመኝ ይነግረናል እንጂ መብረር ለምን ዛሬ እንዳስፈለጋት፣ ምን እንደሚያግዳትና ብትበር ምን እንደምታጣ አይነግረንም። ፕሪሚስ፣ በአማርኛ የታሪኩ መሠረተ ሐሳብ ልንለው የምንችለው፣ እነዚህን ጥያቄዎች መልሶ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጥ መግለጫ ነው። ከጭብጥ ጋር መምታታት የለበትም። «ፍቅር መሥዋዕትነትን ይጠይቃል» ጭብጥ ነው፤ ይህን ብቻ የተቀበለ ሠዓሊ ግን ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚስል አያውቅም።

ሁለት ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው። ርእሱና የሠሪዎቹ ስም 15 ሰከንድ ያህል ቢወስዱ ለታሪኩ የሚቀረው 105 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ጊዜ የሚበቃው ለአንድ ፍላጎት፣ ለአንድ እንቅፋትና ለአንድ ውሳኔ ነው፤ ቦታውም አንድ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ አዲስ ቦታና አዲስ ገጸ ባሕርይ በተዋወቀ ቁጥር ለታሪኩ ከተመደበው ጊዜ ላይ ይቀነሳል።

ወደ ወፏ እንመለስ። ብዙ ጀማሪዎች እንቅፋት ሲፈልጉ ከውጭ አንድ ጠላት፣ ለምሳሌ ድመት፣ ያመጣሉ። ድመት ግን ማንኛዋንም ወፍ ልታሳድድ ትችላለች፤ ስለዚህ ወፏ ከክር መሠራቷ ለታሪኩ ምንም ፋይዳ አይኖረውም። በእኔ እምነት እንቅፋቱን መፈለግ ያለብን ሐሳቡ አስቀድሞ በያዘው ነገር ውስጥ ነው። ክር ይተረተራል። የወፏ ክር ጫፍ በመስኮቱ ሚስማር ላይ ተጠምዶ ከሆነ፣ በበረረች ቁጥር ሰውነቷ ያልቃል፤ በዚህም የምትመኘው ነገርና የምትከፍለው ዋጋ አንድ ይሆናሉ።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን ዛሬ?» የሚል ነው። ለመብረር ያላት ምኞት ብቻውን አይበቃም፤ ነገ ልትበር ከቻለች ዛሬ የምትጨነቅበት ምክንያት የለምና። ስለዚህ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ቅርንጫፍ ላይ፣ ነፋስ ግማሹን ባፈረሰው ጎጆ ውስጥ፣ አንዲት ጫጩት በብርድ ስትንቀጠቀጥ እናሳይ። አሁን ፍላጎቱ በዓይን የሚታይ ግብ አገኘ፤ የክሩም ማለቅ የመጨረሻውን ሥዕል በራሱ ጊዜ አመጣው። ፕሪሚሱ እንዲህ ይነበባል፦

«በመስኮት ላይ የተቀመጠች የሱፍ ወፍ በብርድ ልትሞት የደረሰች ጫጩት ታያለች፤ ወደ እርሷ ስትበር ግን ክሯ በሚስማር ተይዞ ይተረተራል። መመለስ ስትችል ወደፊት መሄድን ትመርጣለች፤ ጎጆው ዘንድ የሚደርሰው ክሯ ብቻ ሲሆን ጫጩቷም በእርሱ ተሸፍና ትሞቃለች።»

ይህ መግለጫ መሥራቱን ለመፈተን ድርጊቶቹን በየትኛው ቃል እንደምናያይዛቸው እንመልከት። «ከዚያም፣ ከዚያም» እያልን የምንቀጥል ከሆነ የደረደርነው ክስተት ነው። ጫጩቷን አየች፣ ስለዚህ በረረች፤ ነገር ግን ተተረተረች፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነባት ብለን መናገር ከቻልን ግን አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ ነው። ሁለተኛው ፈተና ድምፅን ማጥፋት ነው፤ ያለ ንግግር የማይገባ ነገር ካለ ፕሪሚሱ ወፏ በምታስበው እንጂ በምታደርገው ላይ አልቆመም ማለት ነው። ወፏን የሠራቻትን አሮጊት ትዝታ ለመጨመር ብንፈልግ፣ ትዝታው ቢያንስ 20 ሰከንድ ይወስዳል፤ ውሳኔዋን ግን በምንም አይለውጠውም፤ ስለዚህ ቢያሳዝንም ይውጣ።

ፕሪሚሱ ከመጽደቁ በፊት የሥራው መጠንም ይታሰብ። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ሲታሰብ ሁለት ደቂቃ 2,880 ፍሬም ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢቆይ እንኳ 1,440 ሥዕል ያስፈልጋል። የሹራብ ሰውነት ዙር በዙር ሲፈታ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ማሳየት ለትንሽ ቡድን ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው መተርተሩን በሦስት ደረጃ መክፈል ነው፦ መጀመሪያ ጅራቷ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሆዷ፣ በመጨረሻም ጭንቅላትና ክንፍ ብቻ ይቀራሉ፤ በደረጃዎቹ መካከልም ካሜራው ወደ ጫጩቷ ይዞራል። አንድ ነገር ግን ሊዘለል አይገባም፤ ክሩ በሚስማሩ መያዙ በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ውስጥ፣ ወፏ ገና ሳትነሳ፣ በግልጽ መታየት አለበት። ዘግይቶ ከመጣ መተርተሩ ድንገተኛ አደጋ ይመስላል፤ ተመልካቹም ወፏ ዋጋውን እያወቀች እንደመረጠች አይረዳም።