ማስረጃ ምንድን ነው? ከዓረብ አገር የመጣ ቪዲዮ ብቻውን ለምን አይበቃም

«ቪዲዮው እኮ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» የሚል አስተያየት በየሳምንቱ አነባለሁ። ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደች አንዲት ልጅ በጠባብ ክፍል ውስጥ እያለቀሰች ትናገራለች፣ ሺህ ሰው ያጋራዋል፣ ከዚያም «ኤምባሲው ዝም አለ» ተብሎ ስድቡ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የእነዚህን ልጆች ቤተሰቦች ማመልከቻ ስለምጽፍ፣ ኤምባሲው ፈጽሞ አያንቀላፋም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የልጅቷ የፓስፖርት ስም የለም፣ ከተማው የለም፣ የአሠሪው ስም የለም፣ ቀኑም የለም። ሊረዳ የተነሣ ሰው የቱን በር ያንኳኳ?

የድንበር ክርክርን አስቡ። «መሬቴን ገፋኝ» ብሎ የሚጮህ ገበሬ ምንም ቢበደል፣ ዳኛው የሚጠይቀው የይዞታ ደብተሩን፣ የድንበር ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ፣ ያረሰበትን ቀንና ያየውን ጎረቤት ነው። የሥራ ውሉ የይዞታ ደብተር ነው፤ የአሠሪው ስምና የመታወቂያ ቁጥር የድንበር ድንጋዩ ነው፤ በአጥር በኩል የምታናግራት የጎረቤት ሠራተኛ ደግሞ ምስክሯ ናት። ክርክሩም ለሚመለከተው አካል ካልቀረበ ከንቱ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ መሬት ቦታውን አይለቅም፣ ልጅቷን ግን በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ከተማ ሊወስዷት ይችላሉ። ስለዚህ የቤቱን አድራሻ መያዝ ለነገ አይባልም። ስልክ ካላት ያለችበትን ቦታ በስልኩ ካርታ ትላክ። ሳዑዲ ከሆነች በቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የአድራሻ ሰሌዳ ቁጥር ትጻፍ።

አንድ ጉዳይ ላንሣ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ጥቂት ቀይሬዋለሁ። ከጣርማበር አካባቢ የሄደች ልጅ ናት፤ በሕጋዊ ኮንትራት ሪያድ ገባች፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነው። ወንድሟ ይዞ የመጣው የተቃጠለ ክንድ ፎቶና «ማዳሟ ደመወዟን ከልክላ እያሠቃየቻት ነው» የሚል ማመልከቻ ነበር።

መጀመሪያ ስሟ ላይ ተያዝን። በማመልከቻው የሰፈረው ቤተሰቡ የሚጠራበት ስም ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሪያድ ላለ ጸሐፊ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ማዳም»ም ስም አይደለም። ደግነቱ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ወንድሟ ውሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር፤ የአሠሪዋ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የሁለቱም አገር ኤጀንሲዎች እዚያ ላይ ተገኙ።

ቀጥሎ ቀኑ መጣ። «ጥር 2 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በጋለ ካውያ አቃጠለቻት» ይላል። ጥር 2 ቀን 2017 በእነርሱ ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ነው። የእኛ የሌሊት 7 ሰዓት ደግሞ በእነርሱ ሰዓት 1 ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ስላለፈ ቀናቸው ተቀይሮ ጃንዋሪ 11 ሆኗል። የሆስፒታሉ ወረቀት 11 ቢል፣ ማመልከቻው 10 ቢል፣ የአሠሪዋ ጠበቃ ይህችን ሳይጠቀምባት አያልፍም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ የሰዓቱንም እንዲሁ።

ስለ ደመወዙ «ከለከለቻት» የሚል ቃል ማንንም አያስከፍልም። እናትየዋ በባንክ የተቀበለችባቸውን ደረሰኞች ስንደረድር የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት አሉ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ የለም። ስለዚህ «ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር፣ አምስት ወር፣ 5,000 ሪያል» ብለን ጻፍን። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ወደ ቤት ገንዘብ አለመላኩ ደመወዝ ላለመከፈሉ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። አሠሪዋ «በእጇ ሰጥቻታለሁ» ልትል ትችላለች፤ ልጅቷ ያላነበበችው የዓረብኛ ወረቀት ላይ ፈርማ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሳዑዲ ከ2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በባንክ ወይም በዲጂታል የክፍያ ሒሳብ እንዲከፈል በደረጃ ስላስገደደች፣ በስሟ የተከፈተ ሒሳብ ካለ የሒሳቡ መግለጫ ከደረሰኞቹ ሁሉ ይበልጣል።

ፎቶውን ወንድሟ ክንዱ ብቻ እንዲታይ ቆርጦታል። የማን ክንድ ነው? ፊቷና ክንዷ አብረው የሚታዩበት አንድ፣ ቁስሉ በቅርብ የሚታይበት አንድ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል። በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ የተነሣበት ቀንና ቦታ መረጃ ከፋይሉ ላይ ይጠፋል፤ በሰነድ መልክ ሲላክ ግን ይቆያል። የድምፅ መልእክቶችንም ስልክ ሳይቀየር ወይም ሳይጠፋ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ሐኪም ጋ ከደረሰች የሕክምና ወረቀቱ ከየትኛውም ፎቶ ይቀድማል።

አሁን ወደዚያ «ቪዲዮውን አሰራጩ» ባይ ልመለስ። በእነርሱ አቆጣጠር በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኮምፒውተር ወንጀሎች ሕግ፣ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት የደፈረን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ያስቀጣል። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የአሠሪዋ ልጆች ወይም የቤቱ ውስጥ ከታየ ተበዳይዋ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። እናንተ ያጋራችሁት እዚህ ተቀምጣችሁ ነው፤ እርሷ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ናት። ቪዲዮው ይቀመጥ፤ መታየት ያለበት ለሚመለከተው ባለሥልጣን ነው።

ለማን ይነገር? በኮንትራት ለሄደች ልጅ መጀመሪያ የላካት ኤጀንሲ ነው። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል፤ «ሌባን ለሌባ ትከሳለህ?» ይለኛል። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የሥራ ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትም በነጠላም ይጠየቃል፤ ለዚሁ ዋስትና እንዲሆን ያስያዘው ገንዘብም አለ። ኤጀንሲው አዲስ አበባ ስለሆነ ይጠየቃል፣ አሠሪዋ ግን ሪያድ ናት። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእናንተ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግ። እምቢ ካለ በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ በኋላ «አልሰማንም» ይባላል።

የዚሁ ማመልከቻ ቅጂ ከነማስረጃዎቹ ደብረ ብርሃን ላለው የዞኑ ሥራና ሥልጠና መምሪያ፣ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ እንዲሁም ሪያድ ላለው ኤምባሲ ወይም በምዕራቡ በኩል ከሆነች ለጅዳው ቆንስላ ይግባ። በደላላ ለሄደች ግን ኤጀንሲ የለም፤ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚታይ ወንጀል ስለሆነ ወደ ፖሊስ ነው። እዚያ የደላላው ስልክ ቁጥርና ገንዘብ የገባበት የባንክ ሒሳብ ከልጅቷ ፎቶ የበለጠ ይሠራሉ። ኤምባሲው ግን በሕጋዊ መንገድ አልሄደችም ብሎ አቤቱታዋን መመለስ የለበትም።

ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ይህ ሁሉ ወረቀት ይቆይ፤ በሪያድ፣ በመካና በምሥራቃዊ ግዛት 911 ደውላ ፖሊስ ትጥራ። አደጋው እንዲህ ካልቀረበ ግን ለኤምባሲው ሳታሳውቅ ከቤት አትውጣ፤ አሠሪዋ ቀድማ «ጠፋችብኝ» ብላ ካስመዘገበች ልጅቷ በዚያ አገር «ሁሩብ» ትባላለች፣ የመኖሪያ ፈቃዷም ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል። ቤተሰብ ደግሞ በንዴት ለአሠሪዋ ደውሎ «ከሰንሻል» አይበል። ከዚያች ጥሪ በኋላ የምትወረሰው ስልኳ ናት።